የጀበናውን ጀርባ ማጥፋት፦ በጊምፕ ወይስ በፎቶፒ?

ጀበና ፎቶ ሲነሳ ብቻውን አይነሳም። ከኋላው ግድግዳ፣ ከሥሩ ጠረጴዛ፣ ከጎኑ የማከፋፈያ ገመድ ይዞ ይመጣል። የሸክላ ዕቃ በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ፣ ለካፌ የዋጋ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ወጣት ወይም ለማስታወቂያ ሰሌዳ ሥዕል የሚያቀናብር ሰው ግን የሚፈልገው ጀበናውን ብቻ ነው። ከኋላ ያለውን ባክግራውንድ ማጥፋት የሚባለው ሥራ ይህ ነው። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከማይጠይቁ መሣሪያዎች መካከል ሁለቱ ጊምፕና ፎቶፒ ናቸው። ግባቸው አንድ ቢሆንም መንገዳቸው ይለያያል፤ ጀማሪውን የሚያደናቅፉበት ቦታም እንደዚያው።

ጊምፕ የቆየ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪዎች የነበሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ ጀመሩት፤ ዛሬ በፈቃደኛ ባለሙያዎች እየተሻሻለ ለማንም በነጻ ይሰጣል። ለዓመታት የተጠበቀው 3.0 የተባለው እትም በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከ gimp.org ወርዶ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ፎቶፒ ደግሞ የሚጫን ነገር የለውም። ብራውዘር ተከፍቶ photopea.com ተብሎ ሲጻፍ ይመጣል። የሠራው ኢቫን ኩትስኪር የተባለ አንድ ፕሮግራም አዘጋጅ ሲሆን ለሕዝብ ያቀረበው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ገቢው በገጹ ዳር ከሚታየው ማስታወቂያና ማስታወቂያውን ለማስወገድ ከሚከፍሉ ተጠቃሚዎች ይገኛል። መልኩ የታወቀውን ፎቶሾፕን ስለሚመስል፣ ፎቶሾፕ የነካ እጅ እዚህ አይቸገርም። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ነገር ግን አለ፦ ፎቶው በብራውዘር ሲከፈት ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር የሚላክ ይመስለዋል። ፋይሉ የሚከፈተውም የሚስተካከለውም በራሱ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በዚህም የተነሳ ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔትወርክ ቢቋረጥ እንኳ መደበኛው ሥራ አይቆምም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ሥራው ሳይቀመጥ የብራውዘሩ መስኮት ከተዘጋ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ወደ አሠራሩ ከመገባቱ በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ባክግራውንድ ጠፋ ማለት ነጭ ሆነ ማለት አይደለም። ነጭ ራሱ ቀለም ነው፤ ነጭ ጀርባ ያለው ጀበና ቡናማ ማስታወቂያ ላይ ሲቀመጥ ነጭ ሣጥን ይዞ ይታያል። የሚፈለገው ቦታው ባዶ እንዲሆን፣ ከሥሩ ያለውን ነገር እንዲያሳይ ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀምበት ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ ባዶ ቦታን መዝግቦ መያዝ አይችልም። በውስጡ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ ወይም ፒክስል የግድ የሆነ ቀለም ሊኖራት ይገባል። ባዶነትን መያዝ ከሚችሉት ዓይነቶች የተለመደው ፒኤንጂ ነው። በሁለቱም ፕሮግራሞች ባዶው ቦታ የተዥጎረጎረ የዳማ ገበታ ሆኖ ይታያል። ይህ ገበታ ለሠሪው ምልክት እንዲሆን ብቻ የሚታይ ነው፤ በተቀመጠው ፋይል ውስጥ አይገባም።

ጊምፕን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። ግድግዳውን በትክክል ይመርጣል፣ Delete ይጫናል፣ ግድግዳው ይጠፋና በቦታው ነጭ ይመጣል። ደጋግሞ ቢጫን ያው ነጭ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከጄፔግ የመጣው ሌየር፣ ማለትም የሥዕሉ ንጣፍ፣ ባዶነት የሚመዘገብበት አልፋ የተባለ ክፍል አብሮት አልመጣም። ጊምፕም የሚያጠፋበት ቦታ ሲያጣ በመሣሪያ ሳጥኑ ላይ የተመረጠውን የጀርባ ቀለም ይቀባበታል፤ ይህ ቀለም ካልተቀየረ ነጭ ነው። መፍትሔው Layer > Transparency > Add Alpha Channel የሚለውን አንድ ጊዜ መጫን ነው። ጊምፕ ላይ ፎቶ በተከፈተ ቁጥር ይህን የመጀመሪያ ሥራ ማድረግ ብዙ ድካም ያድናል።

አሁን ፎቶው ይከፈት። ጥቁር ጀበና ማቶቱ ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላው ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ ከሥሩ ቡናማ የእንጨት ጠረጴዛ አለ እንበል። ፎቶው በስልክ የተነሳ፣ በወርዱ 4000 በቁመቱ 3000 ፒክስል ነው። ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ የሚሆነው ቀላሉንም ከባዱንም ነገር አንድ ላይ ስለያዘ ነው። ጥቁሩና ነጩ በግልጽ ይለያያሉ፤ ይህ ቀላሉ ነው። ጥቁሩ የጀበና ሆድ፣ የማቶቱ ጥላና ቡናማው ጠረጴዛ ግን ከታች በኩል ይቀላቀላሉ። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ደግሞ ግድግዳው የሚታይበት ክፍተት አለ። ጀበናው በደንብ የተወለወለ ከሆነ ሆዱ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ነጭ ብልጭታ ሆኖ ያርፋል።

በጊምፕ ሥራው የሚጀመረው Fuzzy Select በተባለው መሣሪያ ነው፤ U የሚለውን ፊደል መጫን ያመጣዋል። ግድግዳው ላይ ሲነኩት ከተነካችው ነጥብ ጋር ቀለማቸው የተቀራረበና እርስ በርሳቸው የተያያዙ ፒክስሎችን በሙሉ ይመርጣል። ምን ያህል መቀራረብ እንዳለባቸው የሚወስነው Threshold የተባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩን መጻፍ ሳያስፈልግ ማውሱን ተጭኖ ሳይለቁ ወደ ታች ወይም ወደ ቀኝ መጎተት ምርጫውን ያሰፋል፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ግራ መመለስ ያጠብባል። በዓይን እያዩ መወሰን ስለሚቻል ይህ ጥሩ ዘዴ ነው።

ምርጫው ሲሰፋ የሚንቀሳቀሱት ነጠብጣብ መስመሮች የጀበናውን ዙሪያ ይዘው መቆም አለባቸው። መስመሩ ጀበናው ውስጥ ዘልቆ ከገባ ቁጥሩ በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባውም በዚያው በብልጭታው በኩል ነው። የብልጭታው ነጭ ከግድግዳው ነጭ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ጠርዙ አካባቢ ያረፈ እንደሆነ ፕሮግራሙ ግድግዳ ነው ብሎ ይወስደዋል። እንዲህ ሲሆን Ctrl+Z ተጭኖ መመለስና በጠባቡ መጀመር ይሻላል። ግድግዳው በአንድ ንኪ ካላለቀ፣ ለምሳሌ አንዱ ጎን ጥላ ካለበት፣ Shift ተይዞ የቀረው ቦታ ይነካል፤ ይህ በነበረው ምርጫ ላይ ይጨምራል። በእጀታው ውስጥ ያለው ክፍተትም የሚመረጠው እንዲሁ Shift ተይዞ ነው። ክፍተቱ ከዋናው ግድግዳ ጋር በፒክስል ስለማይገናኝ በራሱ አይመረጥም፤ ብዙ የተቸኮለባቸው ሥራዎች የሚታወቁትም እጀታው ውስጥ በቀረች ነጭ ቁራጭ ነው።

የታችኛው ክፍል ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ጠረጴዛውን በቀለም ለመምረጥ መሞከር የማቶቱን ግማሽ ይዞ ይሄዳል፤ ጥላውና ማቶቱ ለኮምፒውተሩ አንድ ቀለም ናቸው። እዚህ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። Free Select የተባለው መሣሪያ በ F ይመጣል፤ በመሣሪያው አማራጮች ውስጥ ካሉት አራት ትንንሽ ምልክቶች «ጨምር» የሚል ትርጉም ያለው ይመረጥና በማቶቱ ጠርዝ ላይ ነጥብ በነጥብ እየተነካ ይኬዳል። ነጥቦቹ በጠረጴዛው በኩል ዞረው ወደ መጀመሪያው ነጥብ ሲመለሱ ክቡ ይዘጋል፣ Enter ሲጫን ይጸድቃል። ሥዕሉን አስፍቶ፣ ጠርዙ ጠመዝማዛ በሆነበት ቦታ ነጥቦቹን አቀራርቦ፣ ቀጥ ባለበት አራርቆ መሄድ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ይህ የሥራው አዝጋሚ ክፍል ነው፤ ቢሆንም የጀበናው መቀመጫ የተቆረጠ ወይም ያበጠ እንዳይመስል የሚያደርገው እሱ ነው።

እስካሁን የተመረጠው የማይፈለገው ነው። Ctrl+I ምርጫውን ይገለብጠዋል፤ አሁን የተመረጠው ጀበናው ነው። ቀጥሎ ጀማሪዎች የሚዘሉት፣ ነገር ግን ንጹሑን ሥራ ከተራው የሚለይ ነገር ይመጣል።

ካሜራ በጥቁርና በነጭ መካከል ምላጭ የመሰለ ድንበር አይሠራም። ጠርዝ ላይ ያለች ፒክስል ግማሿ ጀበና ግማሿ ግድግዳ ላይ ስለምትወድቅ ቀለሟ ግራጫ ይሆናል። ግድግዳው ሲጠፋ እነዚህ ግራጫ ፒክስሎች ከጀበናው ጋር ይቀሩና ዙሪያውን የነጣ ቀጭን መስመር ይሠራሉ። ነጭ ገጽ ላይ አይታይም፤ ጥቁር ወይም ቀይ ማስታወቂያ ላይ ሲቀመጥ ግን ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ Select > Shrink ተብሎ ምርጫው ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል። ለዚህ መጠን ላለው ፎቶ 2 ፒክስል በቂ ነው፤ ለትንሽ ሥዕል 1 ይበቃል። ከዚያ Select > Feather ተብሎ 2 ቢሰጠው ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ከመምሰል ይድናል። ከዚህ በላይ ማለስለስ ጀበናውን ያደበዝዘዋል።

አሁን Delete የመጫን ፈተና ይመጣል። አለመጫን ይሻላል። የጠፋ ፒክስል ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም፤ ነገ የእጀታው ጫፍ እንደተቆረጠ ቢታይ መጠገኛ የለም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ማስክ ነው። ማስክ ከሌየሩ ጋር የሚያያዝ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው፤ ነጭ በሆነበት ፎቶው ይታያል፣ ጥቁር በሆነበት ይደበቃል፣ ግራጫ በሆነበት በከፊል ያሳልፋል። ምንም ፒክስል አይጠፋም። በጊምፕ Layer > Mask > Add Layer Mask ሲባል አንድ መስኮት ይከፈትና ማስኩ ከምን ይሠራ ብሎ ይጠይቃል። ሳይታይ እሺ ከተባለ ሙሉ በሙሉ ነጭ ማስክ ይመጣና ምንም የተለወጠ ነገር አይኖርም፤ ጀማሪውም ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል። መመረጥ ያለበት Selection የሚለው ነው። እሱ ተመርጦ ሲጸድቅ ግድግዳውና ጠረጴዛው ይሰወራሉ፣ የዳማው ገበታ ይወጣል።

የነጣው መስመር መቅረት አለመቅረቱን የዳማው ገበታ ላይ መለየት ያስቸግራል። መፈተሻው ከሥር ደማቅ ቀለም ማስገባት ነው። በመጀመሪያ Shift+Ctrl+A ምርጫውን ያነሳል። እዚህ ላይ የፎቶሾፕ ልማድ ያለው ሰው Ctrl+D ይጫናል፤ ያ በጊምፕ ውስጥ የሥዕሉን ቅጂ በአዲስ መስኮት ይከፍታል እንጂ ምርጫ አያነሳም። ከዚያ ቀይ የተሞላ አዲስ ሌየር ተፈጥሮ በሌየሮች ዝርዝር ውስጥ ከጀበናው በታች ይጎተታል። አሁን ሥዕሉ ወደ 100 በመቶ ይመጣና ዙሪያው ይዞራል። የቀረ ነጭ ካለ በዝርዝሩ ላይ የማስኩ ትንሽ ሥዕል ይነካና በብሩሽ ጥቁር ይቀባበታል። ሳይታሰብ የተቆረጠ ካለ በነጭ ሲቀባ ይመለሳል። ብሩሹ ጀበናው ላይ እውነተኛ ጥቁር ቀለም ካፈሰሰ የተመረጠው ማስኩ ሳይሆን ፎቶው ነው፤ ተመልሶ የማስኩን ምልክት መንካት ነው።

በፎቶፒ ያው ጀበና በሌላ አቅጣጫ ይሠራል። በጊምፕ የተጀመረው የማይፈለገውን በመምረጥ ነበር፤ እዚህ ግን ከጀበናው ከራሱ መጀመር ይቀላል። በግራ በኩል ካሉት መሣሪያዎች Magic Wand ያለበትን ቦታ ጥቂት ተጭኖ መቆየት ቡድኑን ይከፍተዋል፤ ከመካከላቸው Quick Selection ይመረጣል። ይህ ብሩሽ ነው። ጀበናው ውስጥ ከአንገት ወደ ሆድ ሲጎተት ምርጫው እየተስፋፋ የቀለም ድንበር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ብልጭታው ላይ ካለፉበት ብልጭታውንም የጀበናው አካል አድርጎ ይይዘዋል፤ ይህ ከጊምፑ መንገድ ይልቅ ለተወለወለ ሸክላ የተመቸ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከፈሰሰ Alt ተይዞ የፈሰሰበት ቦታ ይቀባና ይቀነሳል። የእጀታው ክፍተትም የሚወጣው ብሩሹ አንሶ፣ Alt ተይዞ በመቀባት ነው።

ሁለቱን እያፈራረቀ የሚጠቀም ሰው እጁን የሚያጠፋበት ልዩነት ይህ ነው፦ በሁለቱም Shift ይጨምራል፣ ለመቀነስ ግን በፎቶፒ Alt፣ በጊምፕ Ctrl ነው። ምርጫ መገልበጫውም በፎቶፒ Shift+Ctrl+I፣ ማንሻው Ctrl+D ነው።

ጀበናው ከተመረጠ በኋላ Select > Modify > Contract ምርጫውን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እዚያው ያለው Feather ያለሰልሰዋል፤ ቁጥሮቹ ቀደም ሲል ከተጠቀሱት አይለዩም። ማስክ ለመጨመር በሌየሮች ዝርዝር ግርጌ ካሉት ምልክቶች መሃሉ ክብ የሆነውን አራት ማዕዘን መንካት ይበቃል፤ ምርጫ ካለ ማስኩን ሳይጠይቅ ከምርጫው ይሠራል። የጊምፕን የጥያቄ መስኮት ለተቸገረበት ሰው ይህ እፎይታ ነው። ለመፈተሻው ቀይ Layer > New Fill Layer > Color Fill ተብሎ ከጀበናው በታች ይጎተታል። ሌየሩ የቁልፍ ምልክት ኖሮበት አልንቀሳቀስ ካለ ምልክቱን ነክቶ መክፈት ነው። በጥቁርና በነጭ ብሩሽ ማስኩን መጠገን እዚህም ያው ነው።

ፎቶፒ ከዚህም ያጠረ መንገድ አለው፤ Select ውስጥ Remove BG የሚል ትእዛዝ በአንድ ንኪ ባክግራውንዱን ለይቶ ለማውጣት ይሞክራል። ጊምፕ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አብሮት አይመጣም። ለጉርድ ፎቶና ግልጽ ለሆነ ዕቃ መሞከሩ አይጎዳም፤ ውጤቱ ግን ሳይመረመር መወሰድ የለበትም። መመርመሪያ ቦታዎቹም የታወቁ ናቸው፤ የእጀታው ክፍተት፣ የማቶቱ ሥርና ጥላ ያለበት ጎን። እዚያ የቀረውን በብሩሽ ማስተካከል ሁሉንም ከባዶ ከመጀመር ያፈጥናል።

ከጀበና የሚከብድ ነገርም አለ። ዘርፉ የተንጠለጠለ ነጠላ ወይም የተበተነ ፀጉር ፎቶ ጠርዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ክሮቹ መካከል ግድግዳው ይታያል፣ ክሩ ራሱም ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ ያለውን በነጥብ ማዞር አይቻልም። ሁለቱም ፕሮግራሞች ለዚህ የሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ሠሪው ሥዕሉን በሦስት ይከፍለዋል፦ በእርግጥ የሚፈለግ፣ በእርግጥ የማይፈለግና የሚያጠራጥር። የሚያጠራጥረውን ፕሮግራሙ ራሱ ፒክስል በፒክስል ያሰላዋል። በጊምፕ ይህ Foreground Select ይባላል። የነጠላዋ ባለቤት ዙሪያዋ በልቅ መስመር ተከቦ Enter ይጫናል፣ ከዚያ በልብሷና በፊቷ ላይ በብሩሽ ይቀባል። የግድ መላ አካሏ መቀባት የለበትም፤ ያሉት ቀለሞች ሁሉ መነካታቸው ነው ዋናው። ቀጥሎ Draw unknown ተመርጦ ዘርፉ ብቻ ይቀባል። Preview mask የሚለው ምልክት ሲደረግበት ውጤቱ ይታያል፣ ሲያጠግብ Select ይጫናል። በትልቅ ፎቶና በደከመ ኮምፒውተር ስሌቱ ጊዜ ይወስዳል፤ መስኮቱ የቆመ ሲመስል ፕሮግራሙን ዘግቶ መውጣት አይገባም። በፎቶፒ የዚህ አቻ Select ውስጥ ያለው Refine Edge ነው፤ ዘርፉን በግራጫ መቀባት ለፕሮግራሙ «ይህን አንተ ወስን» እንደማለት ነው።

ሁለቱም የማይችሉት ነገር ግን ነጭ ነጠላን ከነጭ ግድግዳ መለየት ነው። የክሩና የግድግዳው ቀለም አንድ ከሆነ ሊሰላ የሚችል ልዩነት በፋይሉ ውስጥ የለም። ይህ የሚስተካከለው ከኮምፒውተሩ በፊት፣ ፎቶው ሲነሳ ነው። ከነጭ ነጠላ ጀርባ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ መስቀል፣ ከጥቁር ጀበና ጀርባ ነጭ ካርቶን ማቆም፣ ዕቃውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አርቆ ጥላው እንዳያርፍበት ማድረግ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ሥራ ያቀላል። ብዙ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ትርፉ በየፎቶው ነው።

ወረቀት ላይ በጥቁር ብዕር ለተጻፈ የሱቅ ስም ወይም ለተሣለ ምልክት ግን ጊምፕ ያለጥርጥር ይመረጣል። Colors > Color to Alpha የተባለው ትእዛዝ ነጭ ተመርጦ ሲሰጠው ከእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ የነጩን ድርሻ ብቻ አውጥቶ ይጥላል። የቀለሙ ፈዘዝ ያለበት ቦታ በከፊል አሳላፊ ሆኖ ይቀራል፣ የፊደሎቹ ጠርዝም አይሸራረፍም። መምረጥም ማስክም አያስፈልግም። ለጀበናው ግን መጠቀም አይገባም፤ በብልጭታው ውስጥ ያለውንም ነጭ አብሮ ስለሚያወጣ ሆዱ ላይ ከኋላ ያለው ቀለም ያሳልፋል።

እንግዲህ ምርጫው? በቀን አንድ ሁለት ፎቶ ለሚያዘጋጅ፣ የራሱ ኮምፒውተር ለሌለው ወይም በኢንተርኔት ቤት ለሚሠራ ሰው ፎቶፒ ይሻላል። Quick Selection ለእጅ ይቀላል፣ ማስኩም በአንድ ንኪ ይመጣል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር፣ ማስታወቂያ በስክሪኑ ዳር ሲንቀሳቀስ ለሚረበሽ ወይም በአንድ ጊዜ በርካታ ትልልቅ ፎቶዎችን ለሚከፍት ሰው ደግሞ ጊምፕ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት የግራ መጋባት ቀናት ይክሳል። አንዱን መምረጥ ሌላውን መተው ማለት አይደለም። ፎቶፒ የጊምፕን የሥራ ፋይል፣ XCF የተባለውን፣ ይከፍታል፤ ጊምፕም ፎቶፒ የሚያስቀምጠውን PSD ይከፍታል። በኢንተርኔት ቤት የተጀመረ ማስክ በፍላሽ ተይዞ ቤት ሊጨረስ ይችላል።

በሁለቱም ውስጥ ማስቀመጥ ሁለት ጊዜ ነው የሚደረገው። የመጀመሪያው ሌየሮቹንና ማስኩን እንደያዘ የሚቀመጠው የሥራ ፋይል ነው፤ በጊምፕ File > Save፣ በፎቶፒ File > Save as PSD። ሁለተኛው ለሕዝብ የሚወጣው ነው። ለመፈተሻ የገባው ቀይ ሌየር የዓይን ምልክቱ ተነክቶ ከተሰወረ በኋላ በጊምፕ File > Export As ተብሎ የፋይሉ ስም መጨረሻ .png ይደረጋል፤ በፎቶፒ File > Export As > PNG ይመረጣል። ቀዩ ሳይሰወር ከወጣ ጀበናው ከነቀዩ ይቀመጣል። የፋይሉ ስም መጨረሻ .jpg ከሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ባዶ ቦታ እንደገና በቀለም ይሞላል።

ከዚህ በኋላ አንድ እንቅፋት ይቀራል፤ ሥራውን በሚገባ ጨርሶ ሲልክ የሚያበላሸው ሰው ብዙ ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ሥዕል ጨምቆ ወደ ጄፔግ ስለሚቀይረው ባዶው ጀርባ መንገድ ላይ ይጠፋል። ለዲዛይነር ወይም ለማተሚያ ቤት ሲላክ ከማያያዣው ምልክት «ፎቶ» ሳይሆን «ፋይል» የሚለውን ይምረጡ፤ እንዲያ የተላከ ፒኤንጂ እንደተሠራ ይደርሳል።